የአዳር ተራ፣ የቆመ ኔትወርክ እና ሁለቱም ጫፉ አንድ ስዊች ላይ የተሰካ ኬብል

ጥያቄ፦ «ሆስፒታል አይሲቲ ክፍል ውስጥ ጀማሪ ቴክኒሻን ነኝ። ባለፈው ሳምንት አዳር ተራዬ ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ኔትወርኩ በሙሉ ቆመ። ካርድ ክፍል፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ማንም ሰርቨሩን አያገኝም። ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩ፣ ለውጥ የለም። ዋናውን ስዊች አጥፍቼ ሳበራ እዚያው ላይ ከሰካሁት ላፕቶፕ ፒንግ ግማሽ ደቂቃ ያህል መለሰልኝ፣ ከዚያ እንደገና ጠፋ። ኬብል ስነቅል ስሰካ አድሬ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ድንገተኛ ክፍል፣ ነርሶቹ ጠረጴዛ ሥር፣ ባለ 8 ፖርት ትንሽ ስዊች ላይ አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፉ እዚያው ተሰክቶ አገኘሁ። ስነቅለው ሁሉም ተመለሰ። ዋናው ስዊች ባለ 24 ፖርት ሲስኮ ነው፣ ከሱ ወደ 7 የፎቅ ስዊቾች ይሄዳል፣ ቪላን የለንም። አንድ ሜትር የማይሞላ ኬብል እንዴት ሆስፒታሉን በሙሉ ያቆማል? ሦስት ሰዓት ተኩል ሳልፈጅ በምን ላገኘው እችል ነበር? ዳግም እንዳይመጣስ?»

መልስ፦

መፍትሔው ያን ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

ዋናው ስዊች ሲነሳ ሁሉንም ፖርት በአንድ ጊዜ አይከፍትም። የሰርቨሩና ላፕቶፕህን የሰካህበት ፖርት ፖርትፋስት ተደርጎላቸው መሆን አለበት፣ ወዲያው ተከፈቱ። ወደ ፎቆች የሚሄዱት ሰባቱ ፖርቶች ግን መልእክት ዞሮ እንዳይመለስ በሚከላከለው በተለመደው የስፓኒንግ ትሪ ዘዴ 15 ሰከንድ ያዳምጣሉ፣ 15 ሰከንድ ደግሞ አድራሻ ይማራሉ፤ ዳታ ማስተላለፍ የሚጀምሩት ከ30 ሰከንድ በኋላ ነው። አንተና ሰርቨሩ ብቻችሁን በነበራችሁበት 30 ሰከንድ ሁሉም ነገር ጤነኛ ነበር። ፎቆቹ ሲከፈቱ ፒንጉ ሞተ። እንግዲህ ሰርቨሩ ደህና ነው፣ ዋናው ስዊችም ደህና ነው፣ ችግሩ ከሰባቱ ገመዶች በአንዱ በኩል እየገባ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህን ብታነብ ኖሮ ቀሪው የግማሽ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም ነበር።

አሁን ወደ ኬብሉ። ስዊች ለሁሉም የተላከ መልእክት፣ ማለትም ብሮድካስት ሲደርሰው ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ፖርት ይደግመዋል። ትንሿ ስዊች ላይ 3ኛና 6ኛ ፖርት በአንድ ኬብል ተያይዘዋል እንበል። አንድ ኮምፒውተር «የሰርቨሩ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ አንድ የአርፕ ጥያቄ ይልካል። ስዊቿ በ3 ታወጣዋለች፣ በ6 ይመለስባታል፤ አዲስ የመጣ መስሏት እንደገና በሁሉም ታወጣዋለች። በ6 የወጣውም ቅጂ በተቃራኒው ዞሮ በ3 ይገባል። በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ አንድ ቅጂ ወደ ፎቁ ስዊች፣ ከዚያም ወደ ዋናው ይሄዳል። የአይፒ ፓኬት ቢሆን ራውተር ባለፈ ቁጥር የሚቀንስ ቆጣሪ አለው፣ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። የኢተርኔት ፍሬም ግን እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። እንደ ገደል ማሚቶ ነው፣ ልዩነቱ ድምፁ አለመክሰሙ ብቻ ነው። ኬብሉ እስኪነቀል ወይም ስዊቿ እስክትጠፋ ይዞራል። ይህ የተዘጋ ዙር ሉፕ፣ የሚፈጥረው ጎርፍ ደግሞ የብሮድካስት ማዕበል ይባላል። ዋናውን ስዊች ማጥፋትህ ምንም ያልረዳው ለዚህ ነው፤ ማዕበሉ ድንገተኛ ክፍል ጠረጴዛ ሥር እየዞረ እስኪከፈትለት ይጠብቅ ነበር።

መጠኑን ለማየት ያህል፣ ትንሿ ስዊች ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነች በአንድ ፖርቷ በሰከንድ እስከ 148,800 ትንንሽ ፍሬሞች ትተፋለች። ጊጋቢት ከሆነች 1,488,000 ገደማ። ኔትወርኩን ለየብቻ የሚከፋፍል ቪላን ስለሌላችሁ ይህ ሁሉ በሆስፒታሉ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ይደርሳል። ብሮድካስት ስለሆነ ኔትወርክ ካርዱ «የኔ አይደለም» ብሎ ሊጥለው አይችልም፣ ፕሮሰሰሩ አንስቶ ማየት አለበት። ጠንካራ ኮምፒውተር ይንቀረፈፋል፤ ፕሪንተር፣ የአይፒ ስልክ፣ ደካማ ፕሮሰሰር ያለው የላብራቶሪ ማሽን ግን ጭራሽ ሊደርቅ ይችላል።

ከብዛቱ የባሰው ግን ሌላ ነው። ስዊች የሚያውቀው ነገር ቢኖር «ይህ ማክ አድራሻ በዚህ ፖርት በኩል አለ» የሚል ሰንጠረዥ ነው፣ እሱንም የሚሞላው ፍሬሙ ከገባበት ፖርት ላኪውን እያየ ነው። ሰርቨሩ አንድ ብሮድካስት ላከ እንበል። ፍሬሙ ድንገተኛ ክፍል ድረስ ሄዶ ዞሮ ሲመለስ ዋናው ስዊች የሰርቨሩን አድራሻ ከድንገተኛ ክፍል በሚመጣው ገመድ ላይ ያየዋል፣ «ሰርቨሩ እዚያ ሄዷል» ብሎም ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ካርድ ክፍል ለሰርቨሩ የሚልከው ሁሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ጠረጴዛ ሥር ይላካል። ሰርቨሩ ተነስቶ፣ ኬብሉም ጤነኛ ሆኖ ማንም ሊያገኘው ያልቻለው በዚህ ነው። ትንሽ ቆይተን ስለ መከላከያው ስናወራ ይህ ነገር ይመለሳል።

ሉፕ መሆኑን በምን ታውቃለህ? መጀመሪያ በዓይንህ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሆስፒታል ስዊች መብራት ዘና ብሎ ነው የሚጠቅሰው፤ አንዱ ብልጭ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው። በማዕበል ጊዜ ሁሉም መብራቶች አንድ ላይ፣ ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ፣ አንዳንዴም ፍጥነቱ የበራ እንጂ የሚጠቅስ አይመስልም። ማንም በማይሠራበት ሰዓት ሁሉም ፖርት ሥራ ላይ ከሆነ ሉፕ ጠርጥር። ሰርቨር ቢሞት ወይም ሶፍትዌር ቢበላሽ መብራቱ እንዲያውም ይረጋጋል።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ላፕቶፕህ ላይ ዋየርሻርክ ክፈትና ሁለት ሰከንድ ብቻ ቅዳ፣ ከዚያ በላይ ላፕቶፑ ራሱ ይደርቃል። ያው አንድ የአርፕ ጥያቄ፣ ከያው አንድ ኮምፒውተር፣ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ታያለህ። የዲኤችሲፒ ጥያቄ ካገኘህ ማስረጃው ይበልጥ ይጠነክራል፤ Transaction ID የሚለውን ቁጥር እይ። ኮምፒውተር አድራሻ ሲያጣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ሊደግም ይችላል፣ ነገር ግን በሰከንዶች ልዩነት ነው። ያው ቁጥር በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺህ ጊዜ ከመጣ እየተላከ ሳይሆን እየዞረ ነው።

ቀጥሎ ወደ ዋናው ስዊች በኮንሶል ኬብል ግባ። በኔትወርክ ለመግባት አትልፋ፣ የስዊቹ ፕሮሰሰርም በማዕበሉ ስለሚያዝ ላይመልስልህ ይችላል። በፑቲ ሲሪያል መርጠህ ፍጥነቱን 9600 አድርግ። የመጀመሪያው ትእዛዝ `show logging` ነው፣ እዚያ ላይ እንዲህ ያሉ መስመሮች ተደርድረው ታገኛለህ፦

```
%SW_MATM-4-MACFLAP_NOTIF: Host 0050.56a1.2b3c in vlan 1 is flapping between port Gi1/0/1 and port Gi1/0/19
%SW_MATM-4-MACFLAP_NOTIF: Host 3c52.8211.90ef in vlan 1 is flapping between port Gi1/0/22 and port Gi1/0/19
%SW_MATM-4-MACFLAP_NOTIF: Host 0050.56a1.2b3c in vlan 1 is flapping between port Gi1/0/19 and port Gi1/0/1
```

እንዴት ይነበባል? እያንዳንዱ መስመር አንድ መሣሪያ በሁለት ፖርቶች መካከል ሲዋልል ታየ ይላል። ከሁለቱ አንዱ የመሣሪያው እውነተኛ ቦታ ነው፤ ሰርቨሩ Gi1/0/1 ላይ፣ ሌላው ኮምፒውተር Gi1/0/22 ላይ። ሁሉም መስመር ላይ የሚደጋገመው Gi1/0/19 ነው፣ ገደል ማሚቶው የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ስዊቹን ስታጠፋው ይህ መዝገብ አብሮ ጠፋ፤ ሚሞሪ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይቀመጥም። ስለዚህ ወደፊት ሪስታርት ከማድረግህ በፊት መዝገቡን በስልክህ ፎቶ አንሳ።

መዝገቡ ባዶ ከሆነ `show interfaces counters` ብለህ InBcastPkts የሚለውን ዓምድ ጻፍ፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ ድገመው። ማዕበል በአንድ ፖርት ይገባል፣ በሁሉም ይወጣል። የሚወጣውን አትመልከት፣ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው። በገቢው በኩል ቁጥሩ የሚምዘገዘገው ፖርት አንድ ብቻ ነው፣ የምትፈልገው እሱን ነው።

ኮንሶል ኬብል ከሌለ ወይም የይለፍ ቃሉ አለቃህ ጋ ካደረ በእጅ ይሠራል፣ ብቻ በሥርዓት ይሁን። ከመንቀልህ በፊት ስዊቹን ከፊት ለፊት ፎቶ አንሳ። ከዚያ ወደ ጽኑ ሕሙማን፣ ቀዶ ሕክምናና ድንገተኛ ክፍል ደውለህ «ለጥቂት ሰከንድ ገመድ ልነቅል ነው» በል። አልጋ አጠገብ ያለው ሞኒተር ያለ ኔትወርክም ማሳየቱንና መጮሁን ይቀጥላል፣ ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማዕከላዊ ስክሪን ግን ሊቆም ይችላል፤ እዚያ ቁጭ ብሎ የሚከታተል ሰው ካለ ወደ አልጋው መሄድ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ሞኒተሮቹ የራሳቸው የተለየ ኔትወርክ ካላቸው ደግሞ እሱን ፈጽሞ አትንካው።

አነቃቀሉ ከጫፍ ሳይሆን ከዋናው ስዊች ይጀምራል። የፈጀብህ ጊዜ ሁሉ የሄደው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ኮምፒውተር መንቀል 100 ገመድ መፈተሽ ነው፣ ከዋናው መጀመር ግን ሰባት ገመድ። አንዱን የፎቅ ገመድ ንቀል፣ እስከ 10 ቁጠር፣ የቀሩትን መብራቶች እይ። ካልረጉ መልሰህ ሰካና ወደሚቀጥለው እለፍ። ትክክለኛውን ስትነቅል በዓይንህ ታየዋለህ፤ መብራቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ገመዱ ሲነቀል ስዊቹ በዚያ ፖርት የተማራቸውን የተሳሳቱ አድራሻዎች ወዲያው ስለሚጥል ካርድ ክፍልና ላብራቶሪም ወዲያው ሰርቨሩን ያገኛሉ። እዚህ ላይ ቆም በል። ገመዱን መልሰህ አትስካው። አንድ ፎቅ ያለ ኔትወርክ ይቆይ፣ የቀረው ሆስፒታል ሥራውን ይቀጥል፣ አንተም ያለ ጥድፊያ ትፈልጋለህ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሰባቱንም አንድ በአንድ ነቅለህ መልሰህ ምንም ካልረጋ ሁለት ሉፕ ሊኖር ይችላል፣ ወይም ሁለት ፎቆች ከዋናው ውጭ በሌላ ገመድ ተገናኝተዋል። ያን ጊዜ ሰባቱንም ንቀልና አንድ በአንድ እየጨመርክ ሂድ። ማዕበሉ የተመለሰበት ገመድ ጥፋተኛው ነው፤ እሱን አውጥተህ ቀጥል።

ድንገተኛ ክፍል ያለበት ፎቅ ስዊች ጋ ስትደርስ ከዋናው ተለይቶም መብራቱ እንደበፊቱ ሲርገበገብ ታገኘዋለህ፣ ይህም የሉፑ ምንጭ ከዚያ ወዲህ መሆኑን ያረጋግጣል። ፎቶ አንሳ፣ ፖርቶቹን አንድ በአንድ ለሦስት ለሦስት ሰከንድ ንቀል። 24 ፖርት ቢሆን እንኳ ከሁለትና ሦስት ደቂቃ አያልፍም። መብራቱ ዝም ባለበት ፖርት ላይ ያለውን ቁጥር አንብብና ያ የግድግዳ ሶኬት ወዳለበት ሂድ። ሶኬቶቹ ቁጥር ካልተጻፈባቸው ኬብል መፈለጊያ ቶነር ያስፈልግሃል፤ ከሌለህ ክፍሉን እየዞርክ ጠረጴዛ ሥር ያለች ትንሽ ስዊች ፈልግ። ብዙውን ጊዜ እዚያ ናት።

ለምን ስፓኒንግ ትሪ አልከለከለውም ብለህ ሳትገረም አትቀርም። ይህን ዘዴ ራዲያ ፐርልማን በ1985 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ውስጥ ስትሠራ ነው ያወጣችው፣ ዓላማውም ይኸው ሉፕ ነው። ስዊቹ በየ2 ሰከንዱ ቢፒዲዩ የሚባል ትንሽ መልእክት ይልካል፣ የራሱ መልእክት ዞሮ ከመጣበት መንገዱን ይዘጋል። አንድ ሰው የፎቁን ስዊች ሁለት የግድግዳ ሶኬቶች በኬብል ቢያገናኝ በዚህ መንገድ ይያዝ ነበር። ርካሽ ትንንሽ ስዊቾች ግን ስፓኒንግ ትሪ የላቸውም፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ቢፒዲዩውን ውጠው ያስቀሩታል። ሉፑ እሷው ሆድ ውስጥ ሆኖ መልእክቱ ካልተመለሰ የፎቁ ስዊች የሚያየው አንድ ጤነኛ ፖርት ብቻ ነው፣ ከመጠን በላይ የሚያወራ። ወይም ደግሞ የፎቁ ስዊች ላይ ስፓኒንግ ትሪ ጠፍቶ ይሆናል፤ `show spanning-tree` ብለህ ዛሬውኑ እይ።

ስለዚህ መከላከያው ሁለት ዓይነት መሆን አለበት፣ ቢፒዲዩ ሲመለስ የሚይዝና ሳይመለስም የሚይዝ። የፎቅ ስዊቾቹም ሲስኮ ከሆኑ ወደ ተጠቃሚ በሚሄዱት ፖርቶች ላይ ይህን ጻፍ፦

```
interface range Gi1/0/1 - 22
 switchport mode access
 spanning-tree portfast
 spanning-tree bpduguard enable
 storm-control broadcast level 1.00
 storm-control action shutdown
```

የፖርት ቁጥሮቹን በራስህ ስዊች አስተካክል። bpduguard ቢፒዲዩ የመጣበትን ፖርት ይዘጋል። ስለዚህ ወደ ዋናው ስዊች በሚሄደው ገመድ ፖርት ላይ እንዳታስገባው፤ እዚያ ቢፒዲዩ መምጣቱ ጤና ነው፣ ካስገባህ ፎቁን በገዛ እጅህ ትዘጋዋለህ።

1.00 ማለት የፖርቱ ፍጥነት አንድ በመቶ ነው፣ በ100 ሜጋቢት ፖርት 1 ሜጋቢት። ጤነኛ ቢሮ ውስጥ አንድ ፖርት ይህን ያህል ብሮድካስት አይልክም። የመጨረሻውን መስመር ሰዎች ይፈሩታል፣ «ድንገተኛ ክፍልን እንዴት ይዘጋብኛል?» ብለው ይተዉታል። ያለሱ ስዊቹ ከአንድ በመቶ በላይ ያለውን ብቻ ይጥላል። የቀረው አንድ በመቶ ግን እየዞረ ይቀጥላል፣ ከላይ እንዳልኩት የሰርቨሩንም አድራሻ እያዛባ ይቀጥላል። ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ያልቆመ፣ አንዴ የሚሠራ አንዴ የማይሠራ ኔትወርክ ነው፣ ይህ ደግሞ ለማግኘት ከሙሉ ማዕበል ይከብዳል። በኔ ግምት ትንሿ ስዊች ላይ ያሉ አምስት ኮምፒውተሮች ቢዘጉ ይሻላል። ፖርቱ በራሱ እንዲከፈት ከፈለግህ `errdisable recovery cause storm-control` እና `errdisable recovery interval 300` ጨምር፤ በየ5 ደቂቃው ይሞክራል፣ ሉፑ ካለ እንደገና ይዘጋል።

ቪላን ደግሞ ጉዳቱን ያጠባል። ብሮድካስት ከቪላኑ አይወጣም፣ ላብራቶሪና ድንገተኛ ክፍል የተለያየ ቪላን ላይ ቢሆኑ የዚያን ሌሊት የላብራቶሪው ኮምፒውተር ይህን ጎርፍ አያየውም ነበር። የጋራ ገመድና የስዊቹ ፕሮሰሰር ግን ጫናው ይደርሳቸዋል፣ ስለዚህ የስቶርም ኮንትሮልን ቦታ አይተካም። ኔትወርኩን ሳይከፋፍሉ ማሳደግ ምን እንደሚያመጣ ትልልቆቹም አይተውታል። በኖቬምበር 2002 ቦስተን የሚገኘው ቤት እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል ኔትወርኩ ለአራት ቀን ያህል ታውኮ ሐኪሞቹ ወደ ወረቀት ተመልሰዋል። የተገኘው ምክንያት ስፓኒንግ ትሪ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስዊች ከስዊች እየተቀጠለ የተዘረጋ ኔትወርክ ነበር። የሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ኃላፊ ጆን ሃላምካ ጉዳዩን ሳይደብቁ በይፋ ስለተናገሩት ሙያው ብዙ ተምሮበታል።

ኬብሉ ራሱ እንዴት እዚያ ደረሰ? ብዙ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ይነሳል፣ ኬብሉ ግን ትንሿ ስዊች ላይ እንደተሰካ ይቀራል፣ ሌላው ጫፉ ወለል ላይ ይንጠለጠላል። ጽዳት ላይ ያለች ወይም ጠረጴዛ የምታንቀሳቅስ ነርስ «ተነቅሎ ነው» ብላ ክፍት ቀዳዳ ስታይ መልሳ ትሰካዋለች። በቅንነት ነው፣ አትቆጣ። ኮምፒውተር ስታነሳ ኬብሉን ከሁለቱም በኩል ይዘህ ውጣ። የአይፒ ስልክም ያንኑ ያደርጋል፤ ከኋላው ለግድግዳና ለኮምፒውተር ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሁለቱም ግድግዳ ላይ ከተሰኩ ስልኩ ራሱ ድልድይ ይሆናል።

ማዕበሉ ከቆመ በኋላ ተነስተህ አትሂድ። ፕሪንተሮች፣ የአይፒ ስልኮችና የላብራቶሪ ማሽኖች ደርቀው ሊቀሩ ይችላሉ፣ ጠዋት «ኔትወርኩ አሁንም አይሠራም» ብለው የሚደውሉልህ እነሱ ናቸው። ፕሪንተርና ስልክ አጥፍተህ አብራ። የላብራቶሪ ማሽን ግን ናሙና እየሠራ ሊሆን ስለሚችል ቴክኖሎጂስቱን ሳትጠይቅ እንዳትነካው።

ትእዛዞቹን ከጻፍክ በኋላ ደግሞ ሳትፈትን አትተማመን፣ በሚሠራው ኔትወርክ ላይም አትፈትን። ያረጀች ትርፍ ስዊች ካለህ ከዋናው ለይተህ ያንኑ ጻፍባት፣ ያችን ባለ 8 ፖርት አንድ ፖርቷ ላይ ሰካ፣ ሁለት ላፕቶፕ አገናኝተህ ፒንግ አስነሳ። ከዚያ ኬብሉን ሁለቱንም ጫፍ ትንሿ ስዊች ላይ ሰካ። `show interfaces status err-disabled` ስትል ፖርቱ ስሙ ወጥቶ ከጎኑ bpduguard ወይም storm-control የሚል ምክንያት ማየት አለብህ። bpduguard ካለ ትንሿ ስዊች ቢፒዲዩ ታሳልፋለች ማለት ነው፣ storm-control ካለ ትውጠው ይሆናል፤ የዚያን ሌሊት ስፓኒንግ ትሪ ለምን ዝም እንዳለም በዚያው ፍንጭ ታገኛለህ።